የቃሊቲው የታክሲ ሰልፍ፦ የዋጋ ጣሪያ የሚያመጣውን እጥረት በወረቀት ላይ እንዴት እናሰላለን?

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። ማታ ማታ ቃሊቲ ላይ ታክሲ እጠብቃለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ግማሽ ሰዓት መቆም ብርቅ አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ናት። በቀደም የኢኮኖሚክስ ደብተሯን ይዛ መጣችና “ጋሼ፣ የዋጋ ጣሪያ ሸማቹን ይጠቅማል ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ እጥረት ያመጣል ይላል። የቱን ልያዝ?” አለችኝ።

ሁለቱንም ነው የምትይዢው አልኳት። የዋጋ ጣሪያ ማለት መንግሥት “ከዚህ በላይ አታስከፍሉ” ብሎ የሚወስነው ዋጋ ነው፤ የታክሲ ታሪፍም እንዲሁ ነው። ግን ማን ስንት እንዳገኘና ማን ስንት እንዳጣ ካልተሰላ ነገሩ አይገባም። ስለዚህ ወረቀት አወጣንና እኔ ማታ ማታ የምቆምበትን ሰልፍ አሰላነው። የሠራነውን ነው እዚህ በቅደም ተከተል የማስቀምጠው። ቁጥሮቹን ለሒሳብ እንዲመቹ እኔው ነኝ የመረጥኳቸው፤ የመንገዱ እውነተኛ ታሪፍ አይደሉም። አሠራሩ ግን ለየትኛውም ጣሪያ ያው ነው።

1. ገበያውን አጥብቡት

“የአዲስ አበባ ታክሲ” ብላችሁ ከጀመራችሁ አትጨርሱትም። አንድ መስመርና አንድ ሰዓት ምረጡ። የኛ ምርጫ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ከ11፡30 እስከ 12፡30፣ ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነው። የሚሸጠው ዕቃ አንድ ወንበር ነው። አንድ ሚኒባስ በአንድ ቢያጆ 12 ሰው ይጭናል ብለን ያዝን።

ሰዓቱን መወሰን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ታሪፉ ቀኑን ሙሉ አንድ ነው። ፈላጊው ግን በየሰዓቱ ይለያያል። ያው ታሪፍ ረፋድ ላይ ማንንም ሳይነካ ማታ ላይ አንቆ ሊይዝ ይችላል። እሱን ወደ ታች እናየዋለን።

2. ፍላጎቱን ጻፉ

እያንዳንዱ ተሳፋሪ “ከዚህ በላይ ከሆነስ ይቅርብኝ” የሚልበት ዋጋ አለው። ሕፃን ልጇን ጎረቤት ጋ ትታ የወጣች እናት ብዙ ትከፍላለች። ጓደኛው ጋ ማደር የሚችል ወጣት ትንሽ ጨመር ሲል ይተወዋል። እነዚህን ዋጋዎች ከትልቁ ወደ ትንሹ ስትደረድሯቸው የፍላጎት መስመር ይወጣላችኋል።

በሜዳ መሞከር ከፈለጋችሁ አንድ ምክር አለኝ። ሰውን “እስከ ስንት ትከፍላለህ?” ብላችሁ አትጠይቁ። ዋጋ ልትጨምሩበት የመጣችሁ ይመስለውና ዝቅ አድርጎ ይነግራችኋል። ይልቅ “ባለፈው ታክሲ ስታጣ ምን አደረግህ? ስንት አወጣህ?” በሉት። ባጃጅ ይዞ ከሆነ፣ ከሦስት ሰው ጋር ተጋርቶ ኮንትራት ይዞ ከሆነ፣ በእግሩ ሄዶ ከሆነ መልሱ ያው ራሱ ዋጋ ነው።

የኛ ፍላጎት እንዲህ ነው፦ ዋጋው 60 ብር ቢደርስ የሚሳፈር የለም። ከዚያ ዋጋው በ1 ብር በቀነሰ ቁጥር 20 ሰው ይጨመራል።

3. አቅርቦቱን ጻፉ

ባለታክሲዎቹም የየራሳቸው ወለል አላቸው። ቤቱ ቱሉ ዲምቱ የሆነ ሹፌር ለማንኛውም ወደዚያው ስለሚሄድ በትንሽ ዋጋ ይጭናል። ሌላው ግን ባዶውን መመለስ አለበት። መንገዱ ማታ ስለሚዘጋጋ ቀን ሁለት ቢያጆ በሚሠራበት ጊዜ አንድ ብቻ ይሠራል። ነዳጁ በቆመበት ያልቃል። ሌላ መስመር ቢሠራ ወይም ኮንትራት ቢይዝ የሚያገኘውም አለ። “ለዚህ ሁሉ ስንት ቢከፈለኝ ነው የምጭነው?” ብሎ የሚያስበው ዋጋ ነው ወለሉ።

በምሳሌያችን ከ10 ብር በታች ማንም አይጭንም። ከዚያ በላይ በ1 ብር ጭማሪ 30 ወንበር ይጨመራል። ሁለቱን በቀመር ስንጽፋቸው እንዲህ ይሆናሉ፤ P ዋጋ፣ Qd የተፈለገ ወንበር፣ Qs የቀረበ ወንበር ነው።

```
Qd = 1200 - 20P
Qs = 30P - 300
```

4. ሚዛኑን ፈልጉ

ሁለቱን እኩል አድርጓቸው። 1200 ሲደመር 300 እኩል ይሆናል 50P። ስለዚህ ዋጋው 30 ብር፣ ወንበሩ 600 ነው። 600 ለ12 ሲካፈል 50 ቢያጆ። በ30 ብር መሄድ የፈለገ ሁሉ ወንበር ያገኛል፤ በ30 ብር መጫን የፈለገም ሁሉ ተሳፋሪ ያገኛል። ይህ ሚዛናዊ ዋጋ ይባላል።

ሚዛናዊ ነው ማለት ግን ሁሉም ደስ ብሎታል ማለት አይደለም። 29 ብር ብቻ ያለው ሰው በእግሩ ይሄዳል። ታሪፍ የሚወጣውም ይህን ሰው ለማሰብ ነው፤ ሐሳቡ ክፋት የለውም። የምናሰላው ሐሳቡ መሬት ሲወርድ ምን እንደሚሆን ነው።

5. ጣሪያው ይይዛል ወይስ አይዝም?

አሁን ታሪፉ 24 ብር ነው እንበል። ከዚያ በላይ ማስከፈል ያስቀጣል፤ ከዚያ በታች ማስከፈል ግን ይፈቀዳል። ጣሪያው ሥራ የሚሠራው ከሚዛናዊው ዋጋ በታች ሲሆን ብቻ ነው። 24 ከ30 ያንሳል፤ ስለዚህ ማታ ላይ ይይዛል። ታሪፉ 35 ብር ቢሆን ኖሮ ወረቀት ላይ ብቻ ይቀር ነበር።

ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ደግሞ እዩት። ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው። ፍላጎቱ 600 ሲቀነስ 20P ሆነ እንበል፤ አቅርቦቱን አንንካው። ሚዛኑ 18 ብር ላይ ያርፋል፤ ወንበሩ 240 ነው። የ24 ብሩ ጣሪያ ከ18 በላይ ስለሆነ ማንንም አያስርም።

ጣሪያ መያዝ አለመያዙን ያለ ቀመርም ማወቅ ይቻላል፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ማየት ነው። ረፋድ ላይ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ “ሁለት ሰው የቀረው!” እያለ ይጣራል፤ ታክሲው ነው ሰው የሚጠብቀው። ማታ ሰው ታክሲ ይጠብቃል፤ ረዳቱም አይጣራም። ታክሲ ብቅ ሲል ሰው እየሮጠ መስኮቱን ይይዛል። ይህን ባያችሁበት ሰዓት ጣሪያው ይዟል።

6. እጥረቱን ቁጠሩ

24ን በሁለቱም ቀመር ውስጥ አስገቡ። የሚፈለገው 720 ወንበር ነው። የሚቀርበው 420። ልዩነቱ 300 ወንበር፣ ወይም 25 ቢያጆ ነው። እጥረቱ ይኸው ነው።

የጎረቤቴ ልጅ እዚህ ላይ ስታ ነበር፤ ብዙ ሰውም ይስታል። 720 ሲቀነስ 600 ብላ 120 አወጣች። 600 ግን በ30 ብር የነበረው ቁጥር ነው፤ አሁን ማንም 600 ወንበር አያቀርብም። እጥረት ሁልጊዜ የሚለካው በጣሪያው ዋጋ፣ ከፍላጎት እስከ አቅርቦት ነው። ከሁለት ወገን ነው የሚመጣው። ዋጋው ስለረከሰ 120 ሰው ተጨመረ፤ ዋጋው ስለማያዋጣ 180 ወንበር ቀረ። ድምሩ 300።

180 ወንበር 15 ቢያጆ ነው። እነዚያ 15 ቢያጆዎች የት ሄዱ? አንዱ ሹፌር ቀደም ብሎ ቤቱ ገባ። ሌላው ታፔላውን አንስቶ ኮንትራት ያዘ። ሦስተኛው የማይዘጋጋ መስመር ላይ ዞረ። ማንም አላመፀም፤ እያንዳንዱ ቢያጆውን ከወጪው ጋር አስተያይቶ ተወው እንጂ።

7. ከጣሪያው በፊት ማን ምን ነበረው?

እዚህ ላይ “ትርፍ” የምንለው የሱቅ ትርፍ አይደለም። የሸማች ትርፍ ማለት ሰው እስከዚህ እከፍላለሁ ባለውና በከፈለው መሃል ያለው ልዩነት ነው። 50 ብር ትከፍል የነበረች እናት በ30 ከሄደች 20 ብር ተርፏታል። የአምራች ትርፍ ደግሞ ባለታክሲው የተቀበለው ከወለሉ የሚበልጥበት ነው። በ18 ብር ይጭን የነበረ ሹፌር 30 ከተቀበለ ከእያንዳንዱ ሰው 12 ብር ተርፎታል።

የሁሉንም ስትደምሩት ሦስት ማዕዘን ይሆናል። የተሳፋሪው ከ60 እስከ 30 ቁመት፣ 600 ስፋት አለው፤ 30 በ600 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 9,000 ብር። የባለታክሲው ከ30 እስከ 10 ነው፤ 20 በ600 ለሁለት፣ 6,000 ብር። በአንድ ምሽት በአንድ መስመር ላይ 15,000 ብር የሚያህል ጥቅም ተፈጥሮ ነበር።

8. ከጣሪያው በኋላ

በባለታክሲው እንጀምር፤ የእሱ ቀላል ነው። አሁን ቁመቱ ከ24 እስከ 10፣ ስፋቱ 420 ነው። 14 በ420 ለሁለት፣ 2,940 ብር። ከ6,000 ወረደ። የጠፋው 3,060 ሁለት ቦታ ይከፈላል። 420ዎቹ ተሳፋሪዎች እያንዳንዳቸው 6 ብር ቀንሰው ከፈሉ፤ ያ 2,520 ብር ከሹፌሩ ኪስ ወደ ተሳፋሪው ኪስ የገባ ነው። ቀሪው 540 ብር ባልተሠሩት ቢያጆዎች ላይ የቀረ ነው።

የተሳፋሪው ግን አንድ ጥያቄ ይቀድመዋል፦ 420ውን ወንበር ማን ያዘው? የመማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የበለጠ የሚፈልጉት ያዙት ብለው ያልፋሉ። ለጊዜው እንደዚያ እንያዝ። 420ኛው ሰው እስከ ስንት ይከፍል ነበር? 1200 ሲቀነስ 420፣ ለ20 ሲካፈል፣ 39 ብር። ስለዚህ ከ60 እስከ 39 ያለው ሦስት ማዕዘን 4,410 ነው። ከሥሩ ከ39 እስከ 24 ያለው አራት ማዕዘን 6,300 ነው። ድምሩ 10,710 ብር።

ከ9,000 በለጠ። ተሳፋሪዎች በጠቅላላው 1,710 ብር አተረፉ። ከሹፌሮቹ 2,520 አገኙ፤ ወንበር ባጡት ሰዎች በኩል 810 አጡ። የሁለቱ ወገን ድምር ግን 13,650 ነው። 1,350 ብር ለተሳፋሪውም ለሹፌሩም ሳይደርስ ባክኖ ቀረ። በሥዕል ካስቀመጣችሁት በ420 እና በ600 መሃል ያለው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ቁመቱ ከ39 እስከ 18 ወይም 21 ብር ሲሆን መሠረቱ 180 ነው። 21 በ180 ለሁለት 1,890 ይሆናል።

አስተዋላችሁ? 1,350 እና 1,890 አይገጥሙም። እኛም እዚህ ላይ ተይዘን ነበር። ስህተቱ ከወለሉ ነው። በ420 ወንበር ላይ የሹፌሩ ወለል 18 ሳይሆን 24 ነው፤ 420 ሲደመር 300፣ ለ30 ሲካፈል 24 ይሰጣል። ስለዚህ ቁመቱ ከ39 እስከ 24፣ 15 ብር ነው። 15 በ180 ለሁለት 1,350። ገጠመ። የባከነውን ሁልጊዜ በሁለት መንገድ አስሉት፤ አንድ ጊዜ ከድምሩ በመቀነስ፣ አንድ ጊዜ ከሦስት ማዕዘኑ። ካልገጠሙ አንዱ ቁመት ተሳስቷል።

9. ወንበሩን በትክክል ማን ያዘው?

ከመላው ስሌት ልባችሁን እንድትሰጡት የምፈልገው ይህን ነው። የ10,710ሩ ቁጥር የቆመው “በጣም የሚፈልገው ያገኛል” በሚል ግምት ላይ ነው። ቃሊቲ ላይ ግን ማን ምን ያህል እንደሚፈልግ የሚጠይቅ የለም።

ሰልፍ የለም፣ ግፊያ ነው እንበል። ታክሲው የቆመበት ቦታ የደረሰው ይገባል። ያ ዕጣ ማለት ነው። ከ720 ሰው 420 በዕጣ ይገባል። የ720ዎቹ ሰዎች ዋጋ ከ60 እስከ 24 እኩል ተዘርግቷል፤ አማካዩ 42 ነው። የከፈሉት 24። ስለዚህ አማካይ ትርፉ 18 ብር፣ በ420 ሲባዛ 7,560 ብር። ከ9,000 አነሰ! ታሪፉ ረክሶ፣ ተሳፋሪው በጠቅላላው ከሰረ። ምክንያቱ 25 ብር ብቻ ሊከፍል የሚችለው ወጣት ተጋፍቶ ገብቶ፣ 55 ብር ትከፍል የነበረችው እናት ውጭ መቅረቷ ነው።

አሁን ደግሞ ተራ አስከባሪው ሰልፉን አሰልፏል እንበል። ያኔ ዋጋው ሁለት ይሆናል፦ 24 ብርና የቆማችሁበት ጊዜ። ሰልፉ እስከ ምን ድረስ ይረዝማል? አጭር ከሆነ ሌላ ሰው ይጨመርበታል። በጣም ከረዘመ ሰው እየተወው ይሄዳል። የሚያርፈው ልክ 420 ሰው ብቻ ለመቆም ሲፈቅድ ነው። 420ኛው ሰው በጠቅላላው 39 ብር ድረስ ይችላል፤ 24ቱን በብር ከከፈለ 15 ብር የሚያወጣ ጊዜ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። የሁሉም ሰው አንድ ሰዓት 30 ብር ያወጣል ብለን ብንይዝ፣ ሰልፉ ግማሽ ሰዓት ይሆናል።

ሒሳቡ ይኸው። 15 ብር በ420 ሰው 6,300 ብር። ያ አራት ማዕዘን ሙሉ በሙሉ በቁም ጠፋ። ለተሳፋሪው 4,410 ብር ብቻ ቀረው። እናም 6,300ው ለሹፌሩም አልደረሰም። ሹፌር ሰው ቆሞ ያሳለፈውን ግማሽ ሰዓት ነዳጅ አይገዛበትም። 210 የሰው ሰዓት በአንድ ምሽት ቃሊቲ አስፋልት ላይ ቀርቷል።

| ወንበሩ የሚከፋፈልበት መንገድ | የተሳፋሪ ትርፍ | የባለታክሲ ትርፍ | ድምር |
|---|---|---|---|
| ያለ ጣሪያ፣ በ30 ብር | 9,000 | 6,000 | 15,000 |
| ጣሪያ፣ የበለጠ የሚፈልግ ያገኛል | 10,710 | 2,940 | 13,650 |
| ጣሪያ፣ በግፊያ (በዕጣ) | 7,560 | 2,940 | 10,500 |
| ጣሪያ፣ በሰልፍ | 4,410 | 2,940 | 7,350 |

በሰልፉ ረድፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የሁሉም ሰው ጊዜ እኩል አያወጣም። አንድ ሰዓቷ 60 ብር የሚያወጣ ሴት ግማሽ ሰዓት ስትቆም 30 ብር አጣች፤ ወንበሩ በድምሩ 54 ብር ሆነባት። ጊዜው ብዙ የማያስወጣው ሰው በሰልፍ ይጠቀማል። አንዳንዱ ይህን ይደግፋል፤ ብር ያነሰው ሰው በጊዜው ይክፈል ብሎ። እኔ ግን ማታ ሰልፍ ላይ የማያቸው ሰዎች ከነጋ የቆሙ ናቸው፤ ብርም ጊዜም የሌላቸው።

ሰልፉን በዓይን ቆጥሮ እጥረት ለማወቅ የሚሞክርም አለ። አይሠራም። በምሳሌያችን ሰልፍ ላይ የገባው ሰው ሁሉ በስተመጨረሻ ተሳፍሯል። 300ዎቹ ያጡት ሰልፉን ከሩቅ አይተው የተመለሱት ናቸው፤ በእግራቸው የሄዱ፣ እዚያው ያደሩ። ሰልፍ ላይ አታገኟቸውም። ስለዚህ የሰልፉን ርዝመት ሳይሆን አንድ ሰው የሚቆምበትን ደቂቃ መዝግቡ። ሰዓቱን ስታውቁ ከ24 ብር በላይ ያለውን ዋጋ ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ወደ ፍላጎት መስመሩ ትሄዳላችሁ።

10. ማቆራረጥን ቀመሩ ውስጥ አስገቡ

ቱሉ ዲምቱ የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ታክሲው ይመጣል፤ ረዳቱ “እስከ መንገድ ነው!” ይላል። መሃል ላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ ሌላ ታክሲ። አንዳንዴ ያው ታክሲ ራሱ እንደገና ይጭናል። የአጭር መንገድ ታሪፍ ሲደመር ከረጅሙ ይበልጣል። የኛ ግማሽ መንገድ 15 ብር ነው ብትሉ፣ ሁለት ጊዜ 30 ብር ይሆናል።

30 ብር ሚዛናዊው ዋጋ ነው። ቁጥሩን ሆን ብዬ ነው ያገጣጠምኩት፤ ግፊቱ ወዴት እንደሚሄድ ይታያችሁ ብዬ። ጣሪያው “ቃሊቲ–ቱሉ ዲምቱ” የሚባለውን ዕቃ ዋጋ ሲይዝ፣ ሻጩ ዕቃውን ለሁለት ይቆርጠዋል። ስለዚህ ማቆራረጥ ባለበት መስመር ላይ 24ን በP ቦታ አታስገቡ። ሰው በትክክል ያወጣውን አስገቡ። ያኔ ብዙ ወንበር ይቀርባል፣ እጥረቱም ይጠባል። ነገር ግን ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ ስለሚጋፋ ወይም ስለሚሰለፍ፣ ያለ ጣሪያ በ30 ብር ከሄደበት ምሽት ያነሰ ትርፍ ነው የሚቀረው።

ይህ ከታክሲ ውጭም አለ። የቤት ኪራይ ሲያዝ ለደላላ የሚከፈለው ወይም በቅድሚያ የሚጠየቀው ይጨምራል። የዳቦ ዋጋ ሲያዝ ዳቦው ያንሳል። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በዘይት፣ በስኳር፣ በሥጋና በመሳሰሉት ላይ የዋጋ ጣሪያ አውጥቶ ነበር፤ የአብዛኞቹን በዚያው ዓመት አነሳው። ያንን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ዘይት ፍለጋ ስንት ሱቅ እንደዞረ ይነግራችኋል። ፍለጋውም እንደ ሰልፉ ዋጋ ነው፤ አስሉት።

11. ስሌቱ የማይሠራበት ቦታ

ሦስት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛ፣ አቅርቦቱ ለዋጋ መልስ ይሰጣል ወይ? ዋጋ ምንም ቢሆን 600 ወንበር ብቻ የሚመጣ ቢሆን፣ ጣሪያው አንድም ቢያጆ አያስቀርም። ያኔ እጥረቱ 120 ብቻ ነው፤ ከሹፌር ወደ ተሳፋሪ የሚዞረው ገንዘብ ግን ትልቅ ነው። የተሠሩ ቤቶች በአንድ ወር ስለማይፈርሱ የኪራይ ጣሪያ መጀመሪያ ላይ ወደዚህ ይቀርባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ዓይነቱን ነገር ስትመዝኑ የመጀመሪያውን ዓመትና አሥረኛውን ዓመት ለየብቻ አስሉ። በዓመታት ውስጥ አዲስ የሚሠራው ክፍል ቁጥር ለዋጋ መልስ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ወጪው ቆሟል ወይ? ነዳጅና ጎማ ጨምሮ የሹፌሩ ወለል በአንድ ሰው 4 ብር ከፍ ቢል፣ አቅርቦቱ 30P ሲቀነስ 420 ይሆናል። ታሪፉ 24 ላይ ቢቆይ የሚቀርበው ከ420 ወደ 300 ወንበር ይወርዳል፤ እጥረቱ ከ300 ወደ 420 ይወጣል። ጣሪያውን ማንም ሳይነካው ጠበበ።

ሦስተኛ፣ ሻጮቹ ይፎካከራሉ ወይ? መስመሩን ጥቂት ሰዎች ተስማምተው ይዘው ዋጋውን 40 ብር ላይ ሰቅለውት ከሆነ፣ የሚሳፈረው 400 ሰው ብቻ ነው። እዚህ ላይ የ30 ብር ጣሪያ ወንበሩን ወደ 600 ያወጣዋል። የ24 ብሩ እንኳ 420 ይሰጣል፤ ከ400 ይሻላል። ስለዚህ ጣሪያ ሁሉ እጥረት ያመጣል አትበሉ። ያለ ጣሪያ ዋጋውን ማን እንደሚወስነው መጀመሪያ ጠይቁ።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ሁሉ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ “እሺ፣ 24 ብሩ ሳይነካ ሰልፉን ማጥፋት አይቻልም?” አለች። አብረን ሠራነው። እጥረቱ 300 ነው። በዚያ ሰዓት 60 ሰው የሚጭን የከተማ አውቶቡስ 5 ጊዜ ቢመጣ 300 ወንበር ይሞላል። አቅርቦቱ 30P ብቻ ይሆናል፤ ከፍላጎቱ ጋር እኩል ስታደርጉት P ራሱ 24 ላይ ያርፋል። ጣሪያው አለ፣ ግን ማንንም አይዝም። 720 ሰው ሳይቆም ይሄዳል፤ የተሳፋሪው ትርፍ 36 በ720 ለሁለት፣ 12,960 ብር። የባለታክሲው እዚያው 2,940 ላይ ነው።

ከሥር “የአውቶቡሱ ወጪ አልተቀነሰም” ብላ ጻፈች፤ የአንዱን ምልልስ ነዳጅና የሹፌር ደመወዝ ነገ ልትጠይቅ።